ከሶላት፣ ከምሳና ከምርቃት ጋር የሚሄድ የአንድ ቀን ፕሮግራም፦ የአዳማ እድሮች ጉባኤ የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 28

የፕሮግራሙ ሥራ ለእኔ ደረሰ። ጉባኤው ኅዳር 20 ቀን 2018 ቅዳሜ፣ እዚሁ አዳማ፣ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ነው። የሰፈሩ እድሮች ተሰብስበው ድንኳን፣ ወንበርና ድስት በጋራ መጠቀም ይሻለናል ወይስ እንደ ድሮው የየራሳችንን እንያዝ የሚለውን ይወስናሉ። የአባላት መዝገብም በአንድ ዓይነት ፎርም እንዲያዝ ይነጋገራሉ። የሚጠበቀው ሰው 120 አካባቢ ነው። ከነዚህ ውስጥ ሰጋጆቹ ወደ 45 ይሆናሉ። ሌሎቹ በአብዛኛው ኦርቶዶክስ ናቸው፣ ፕሮቴስታንቶችም አሉ።

ኮሚቴው የሰጠኝ ረቂቅ እንዲህ ይላል፦ 3:00 መክፈቻ፣ 3:10 ሪፖርት፣ 4:00 ሻይ፣ ከዚያ ውይይት፣ 6:30 ምሳ፣ 7:30 የቡድን ሥራ፣ 9:00 ሻይ፣ 9:20 ውሳኔ፣ 11:30 መዝጊያ። ወረቀት ላይ ሲያዩት ያምራል። ግን አንድም ቦታ ትርፍ ጊዜ የለውም፣ ሶላት የሚል ቃልም የለበትም፣ ዋናው ውሳኔ ደግሞ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ማሰብ በጀመረበት ሰዓት ላይ ተቀምጧል።

ቀኑ ለምን ቅዳሜ ሆነ ብዬ ጠየቅሁ። ዓርብ ጁምዓ አለ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ እድሮቹም ወርኃዊ ስብሰባቸውን የሚያደርጉት እሑድ ነው፣ በዚያ ላይ ማግስቱ ኅዳር 21 ጽዮን ማርያም ናት። ቅዳሜ ስለሆነ የሚቀሩ አድቬንቲስት አባላት አሉ፤ እነሱ ሐሳባቸውን ቀድመው በጽሑፍ ይሰጣሉ፣ በስማቸውም ይነበባል። ሁሉንም የሚያስደስት ቀን የለም፣ ግን የቀረው ሰው ድምፁ አብሮ መቅረት የለበትም።

ኅዳር 1

ዛሬ የማይንቀሳቀሱትን ሰዓቶች ብቻ ለየሁ። ከዚህ መጀመር አለበት ባይ ነኝ። ሰው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከንግግሮቹ ነው፣ ከዚያ ሶላትና ምሳ በቀረው ቀዳዳ ይወተፋሉ። ንግግር ያጥራል፣ ይዘለላል፣ ቦታ ይለዋወጣል። ፀሐይ ግን አትጠብቅም።

ለአዳማ ኅዳር 20 የሚሆነው ይህ ነው (ሰዓቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር)፦ የቀትሩ ሶላት ዙህር ወደ 6:12 ይገባል፣ የከሰዓቱ ዐስር ወደ 9:32፣ ፀሐይ ስትጠልቅ የሚሰገደው መግሪብ ወደ 12:02። እንደየካላንደሩ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይለያያል፣ ስለዚህ ሰፈሩ መስጊድ የሚጠቀምበትን ነው የያዝኩት።

አንድ ሐጂ ጋ ሄጄ ረቂቁን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አዩትና ጣታቸውን 9:00 ላይ አሳረፉ።

«ልጄ፣ ዙህር ችግር የለውም። ከገባ በኋላ እስከ ዐስር ድረስ ሰፊ ጊዜ አለው፣ ምሳ ሰዓት ላይ ይሰገዳል። የሚያስቸግረን ይሄ ነው። በ9 ሰዓት ሻይ ትሰጡናላችሁ፣ ጠጥተን ስንገባ 9:20። ከ12 ደቂቃ በኋላ አዛን ይላል። ያን ጊዜ አንድ በአንድ እየተነሳን እንወጣለን፣ ውሳኔው እኛ ውጭ ሆነን ይወሰናል።»

የፕሮግራሙ ዋና ነገር ይኸው ነው። የሶላት ሰዓት የሚገባበትና የሚወጣበት ያለው ጊዜ እንጂ አንድ ነጥብ አይደለም። ስለዚህ ስብሰባውን በየአዛኑ ማቋረጥ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ዕረፍቱን ሰዓቱ ከገባ በኋላ ማስቀመጥ ነው፤ ከመግባቱ በፊት የሚሰጥ ዕረፍት ለሰጋጁ ዕረፍት አይሆንለትም። የከሰዓቱን ሻይ ከ9:00 ወደ 9:35 ገፋሁት። ይህች 35 ደቂቃ ብቻዋን የከሰዓቱን ግማሽ ቀየረችው።

መግሪብ ሌላ ነው። ጊዜው አጭር ስለሆነ ሰው ቶሎ መስገድ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ከ12:02 በፊት ሁሉም ቤቱ ወይም መስጊዱ መድረስ አለበት። መዝጊያው 11:30 ከሆነ ጠረጴዛ ማንሳቱ፣ ስንብቱ፣ ደጃፍ ላይ ቆሞ ማውራቱ ጊዜውን ይበላዋል። 11:10 ላይ መዘጋት አለበት።

ኅዳር 4

አዳራሹን ለካሁ። ለሶላት የተሰጠን ከጀርባ ያለው ዕቃ ቤት ነው፣ ባዶ ሲሆን 5 ሜትር በ6 ሜትር። አንድ መስገጃ ስፋቱ 70 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው፣ በረድፍና በረድፍ መካከል ደግሞ 1 ሜትር ከ20 ያስፈልጋል። በዚህ ስሌት በአንድ ረድፍ 7 ሰው፣ አምስት ረድፍ ይገባል። የፊተኛውን ለኢማሙ ስንተው 28 ሰው ነው።

ይህ ግን ክፍሉ ቀጥ ብሎ ወደ ቂብላ የሚያይ ቢሆን ነበር። ከአዳማ መካ ማለት ይቻላል በቀጥታ ወደ ሰሜን ናት፣ በጣም ጥቂት ብቻ ወደ ምሥራቅ ታዘነብላለች። አዳራሹ የተሠራው መንገዱን ተከትሎ ነው፣ መንገዱ ደግሞ ከሰሜን ዞር ያለ ነው። ምንጣፎቹን ወደ ሰሜን ሳነጥፍ ረድፎቹ ከግድግዳው ጋር ሰያፍ ሆኑ፣ አራቱም ማዕዘን ባዶ ቀረ። በዓይኔ እያየሁ 28 የነበረው 20 ሆነ። ወለሉ ላይ በፕላስተር መስመር አድርጌ ምልክት ተውኩ፣ በዕለቱ ማንም ቂብላ የት ነው ብሎ ስልክ አውጥቶ እንዳይዞር።

ሴቶቹ ለብቻ ናቸው። ለእነሱ ከመድረኩ ጎን ያለውን ትንሽ ክፍል በመጋረጃ ለየነው። ወንዶቹ ከ30 ስለሚበልጡ በሁለት ዙር ይሰግዳሉ ማለት ነው። አንዱ ዙር፣ ጫማ ማውለቁና መግባት መውጣቱ ተጨምሮ፣ 15 ደቂቃ ያዝኩለት።

ከዚያ ውኃው። ግቢው ውስጥ አራት ቧንቧ አለ። ውዱእ አንድ ሰው ሳይቸኩል ሁለት ደቂቃ ተኩል ቢፈጅበት፣ 45 ሰው በአራት ቧንቧ 28 ደቂቃ ነው። በዚያው ሰዓት ሌላው 75 ሰው ለእንጀራ እጁን ሊታጠብ እዚያው ቧንቧ ላይ ይሰለፋል። ሁለቱ ሰልፎች አንድ ላይ ሲሆኑ አንዱ እግሩን እያጠበ፣ ሌላው ከኋላው እጁን ዘርግቶ እየጠበቀ፣ ማንም ሳይጠግብ ሰዓቱ ያልፋል። ምሳ ለምን ዘገየ ሲባል ሁሌ የሚወቀሰው ምግብ አቅራቢው ነው። እኔ እዚህ ግቢ ውስጥ ቆሜ ሳየው ግን ማነቆው ቧንቧው ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ባለ ቧንቧ ሮቶ ይቀመጣል፣ ሥሩ ጠጠር ይደረጋል ጭቃ እንዳይሆን፣ አምስት ስድስት ማንቆርቆሪያና ዝቅ ያሉ በርጩማዎች ይጨመራሉ። ቧንቧዎቹ ለእጅ መታጠቢያ ብቻ ይቀራሉ። ሁለቱ ሰልፎች አይገናኙም።

ኅዳር 5

ስለ ምግብ ከሴቶቹ ኮሚቴ ጋር ተነጋገርን። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ስለሚገባ ጉባኤው ጾም ውስጥ ነው። ቅዳሜ ስለሆነ ግን እስከ 9 ሰዓት የሚጾም የለም፣ ጥሉላት ብቻ ነው የማይበላው። ስለዚህ ምሳ በሰዓቱ ይበላል።

እናም ጾሙ ፕሮግራሙን አቀለለው። ፍስክ ቢሆን ኖሮ የእስላም ሥጋ፣ የክርስቲያን ሥጋ ተብሎ ሁለት ወጥ ቤት፣ ሁለት ቡፌ፣ ሁለት ሰልፍ ያስፈልግ ነበር። አሁን ሁሉም አንድ በያይነት ይበላል፦ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ አተር ክክ፣ ፎሶሊያ። ጠረጴዛውን ከግድግዳ አርቀን በሁለቱም በኩል ሰው እንዲያልፍ አደረግን። በአንድ በኩል ብቻ ቢሆን በደቂቃ አራት ሰው ያልፋል፣ ለ120 ሰው ግማሽ ሰዓት ማለት ነው። በሁለት በኩል ሲሆን ሩብ ሰዓት ገደማ ይበቃል።

ለሁለተኛው ዙር ሰጋጆች ምግብ ይለይ ወይ ተባለ። አንዲት እናት «ምን ይለያል፣ እነሱ ሰግደው እስኪመጡ እኛ በልተን እንጨርሳለን፣ ቀጥ ብለው ያነሣሉ» አሉ። ልክ ናቸው። ሰልፉ በራሱ ለሁለት ይከፈላል። ለምሳና ለዙህር በአንድ ላይ 85 ደቂቃ ያዝኩ፣ ከ6:10 እስከ 7:35።

ኅዳር 8

ዛሬ ትልቁ ክርክር ስለ መጠባበቂያ ጊዜ ነበር። አንድ የኮሚቴ አባል በየንግግሩ መሐል 5 ደቂቃ እናድርግ አለ። እኔ አልስማማም። 5 ደቂቃ ተናጋሪው ይበላታል፣ እንደ ራሱ ሰዓት ነው የሚያያት። በዚህ መንገድ በቀን ውስጥ 40 ደቂቃ ተበትኖ ይጠፋል፣ ዐስር ሲደርስ ግን አሁንም ዘግይተናል። መዘግየት የሚጎዳው መንቀሳቀስ የማይችለው ነገር ጋ ሲደርስ ነው፤ ስለዚህ መጠባበቂያውም ተጠራቅሞ እዚያው ፊት መቀመጥ አለበት። እኛ ሦስት ቦታ አስቀመጥን፦ ከምሳ በፊት 20 ደቂቃ፣ ከዐስር በፊት 25 ደቂቃ፣ ከመዝጊያው እስከ መግሪብ ያለው ደግሞ ለስንብትና ለመንገድ።

ሰው ባዶ ተቀምጦ እንዲጠብቅ ግን አንፈልግም። ስለዚህ በእያንዳንዱ መጠባበቂያ ውስጥ ቢዘለል የማያስቀይም ነገር አስገባን። ከምሳ በፊት የአንድ እድር ዕቃ ግምጃ ቤት የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ አለ። ከዐስር በፊት ደግሞ ከየቡድኑ የቀሩ ጥያቄዎች ይነበባሉ። ሰዓቱ ካለ ይቀርባሉ፣ ከሌለ ማንም ሳያውቀው ይቀራሉ። መድረክ መሪው የሚይዘው ሕግ አንድ መስመር ነው፦ 5:50 ላይ ውይይቱ ካላለቀ ቪዲዮ የለም።

መክፈቻውም 20 ደቂቃ ሆነ። ረቂቁ የያዘለት 10 ደቂቃ ነበር። ሦስት አባቶች ይመርቃሉ፣ ከሁሉም ወገን። ምርቃት ደግሞ «አጠር ያድርጉልን» አይባልም። የማይባል ከሆነ ሰዓቱን መስጠት ነው።

ትርጉሙ ሌላ ነው። ግማሹ ሰው በኦሮምኛ ነው የሚመቸው፣ ሌላው በአማርኛ። የጆሮ ማዳመጫ የለንም፣ ተናጋሪው ትንሽ ይናገራል፣ አስተርጓሚው ይከተላል። ይህ ሰዓቱን እጥፍ ሊሞላ ምንም አይቀረው። ለሪፖርት አቅራቢው «50 ደቂቃ አለህ» ብለን ብንነግረው ለ50 ደቂቃ ያዘጋጃል፣ 90 ይፈጃል። ስለዚህ የተነገረው «15 ደቂቃ ተናገር» ነው። ከትርጉሙ ጋር ወደ ግማሽ ሰዓት ይሆናል፣ የቀረው ለጥያቄ ነው።

ኅዳር 10

ውሳኔውን ከመጨረሻ ወደ 5:30 አመጣሁት። ሁለት ምክንያት አለኝ። አንዱ የታወቀ ነው፣ ከሰዓት ሰው ይደክማል፣ ለጽዮን ዋዜማም ቀድመው የሚሄዱ አሉ። ሁለተኛው የእድር ጉባኤ ስለሆነ ብቻ የሚመጣ ነው፦ በዚያ ቀን ሰው ቢሞትስ? ስልክ ከተደወለ የዚያ እድር ሰብሳቢ፣ ጸሐፊውና ዕቃ ያዡ ተነሥተው ይሄዳሉ፣ መሄድም አለባቸው። ድምፅ የሚሰጡት ደግሞ እነሱ ናቸው። ስለዚህ የሰብሳቢዎቹ ድምፅ የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ከምሳ በፊት ይለቅ፣ ከሰዓት የሚቀረው የመዝገቡ ፎርም ነው። እሱን ምክትልም ጸሐፊም ሊሠራው ይችላል። ለማንኛውም እያንዳንዱ እድር ምክትሉን በደብዳቤ ወክሎ ይምጣ ብለናል።

ሰብሳቢያችን ትንሽ ቅር አላቸው፣ ውሳኔ መደምደሚያ ላይ ቢሆን ያምር ነበር ብለው። በኋላ ግን ተስማሙ፤ የውሳኔው ቃል ተጽፎ ማታ መዝጊያ ላይ በሁለቱም ቋንቋ ይነበባል።

ፕሮግራሙን ሺት ላይ አስገባሁት። A ዓምድ መነሻ ሰዓት፣ B የሚፈጀው ደቂቃ ነው። የመጀመሪያውን ሰዓት ብቻ በእጅ ጽፌ ቀጣዮቹን እንዲህ አሰላኋቸው፦

```
=A2+TIME(0,B2,0)
```

አንድ ደቂቃ ስቀይር ከሱ በታች ያለው ሁሉ ይንቀሳቀሳል። ምሳውንና የከሰዓቱን ሻይ ግን በእጅ ነው የጻፍኳቸው፣ 6:10 እና 9:35 ብዬ፤ እነሱ በፎርሙላ ከተንቀሳቀሱ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው። በእኛ ሰዓት ቀኑ ከ2 እስከ 12 በአንድ አቅጣጫ ስለሚሄድ ስሌቱ አይምታታም። የሴሉ ፎርማት ብቻ `h:mm` ይሁን። ከአዲስ አበባ ለሚመጡት ሁለት እንግዶች ሰዓቱን «ከጠዋቱ 3:00» ብለን በቃላት ጻፍንላቸው። አንዱ ስልኩ ላይ በፈረንጅ ሰዓት ስለሚመዘግብ ለእሱ 9:00 ብለን በተለየ መልእክት ላክን።

ኅዳር 16

የመጨረሻው ቅጂ ሁለት ዓይነት ነው። ለተሳታፊ የሚሰጠው ላይ ያሉት መነሻ ሰዓቶቹ ብቻ ናቸው፦

3:00 መክፈቻ። ሪፖርትና ጥያቄ። 4:30 ሻይ። 4:50 ውይይትና ውሳኔ። 6:10 ምሳና ዙህር። 7:35 የቡድን ሥራ። 9:35 ሻይና ዐስር። 10:05 የውሳኔው ንባብ። 10:50 ምርቃትና መዝጊያ።

አስተባባሪዎቹ በያዙት ቅጂ መክፈቻው 3:20 ነው። የሐበሻ ቀጠሮ ብለን በሰው መሳቅ አንፈልግም፤ ከሩቅ በታክሲ የሚመጡ ሽማግሌዎች አሉ፣ ጠዋት ቅዳሴ አስቀድሰው የሚመጡም አሉ። መጠባበቂያዎቹም እዚያ ቅጂ ላይ ብቻ ናቸው። ተሳታፊ ትርፍ 20 ደቂቃ እንዳለ ካወቀ ትርፍነቱ ያበቃል።

«ዙህር» እና «ዐስር» የሚሉት በተሳታፊው ቅጂ ላይ በግልጽ መጻፋቸውን ወደድኩት። ሰው ተነሥቼ ልውጣ ወይስ ልጠብቅ እያለ አይጨነቅም።

ኅዳር 20፣ ማታ

ከመርሳቴ በፊት የዕለቱን ሰዓት እጽፋለሁ።

መክፈቻው 3:25 ተጀመረ። ምርቃቱ 25 ደቂቃ ወሰደ፣ ማንም አልቸኮለም። የጠዋቱ ሻይ ላይ ስንደርስ 15 ደቂቃ ዘግይተን ነበር። ውሳኔው 6:00 ላይ አለቀ፣ ድንኳንና ወንበር በጋራ እንዲሆን፣ ድስት ግን የየእድሩ እንዲቀር። ቪዲዮው ቀረ። ማንም አልጠየቀም። 6:10 ላይ በሩ ተከፈተ።

ሮቶው ሠራ። ከጎኑ ቆሜ አየሁ፦ አንድ ወጣት ማንቆርቆሪያ እየሞላ ለሽማግሌዎቹ ያቀብል ነበር፣ የመጀመሪያው ዙር 6:35 ሲሆን ሰግዶ ወጣ። ሁለተኛው 6:55። በቧንቧዎቹ በኩል ሰልፉ ከ10 ደቂቃ አላለፈም። አንድ ያላሰብነው ነገር ጫማ ነበር። በሩ ጠባብ ስለሆነ የሚወጡትና የሚገቡት ጫማ ላይ ተጋጩ። ጫማ ማስቀመጫውን ከበሩ ሁለት ሜትር ማራቅ ይበቃል።

ምሳ ላይ ስልክ ተደወለ። የአንዱ እድር ሰብሳቢና ዕቃ ያዥ ወደ ለቅሶ ሄዱ። ድምፃቸውን ሰጥተው ነበር፣ ምክትላቸው ለቀሪው ቆየ።

የቡድን ሥራው ረዘመ፣ የመዝገቡ ፎርም ላይ «የቤተሰብ አባል» የሚባለው ማነው በሚለው ብዙ ተከራከሩ። 25ቱ ደቂቃ ሙሉ በሙሉ ተበላ። 9:38 ላይ ሻይ ወጣ፣ አዛን ካለ በኋላ። አንድም ሰው ስብሰባ መሐል አልተነሣም። ሐጂ ሰግደው ጨርሰው ሲመጡ ሻያቸው ገና ትኩስ ነበር። 11:15 ተዘጋ።

ኅዳር 23

ቀጣዩ ስብሰባ የካቲት ላይ ይሁን ተብሏል፣ ይህንኑ ፕሮግራም ቀን ቀይረህ ላክልን አሉኝ። አይሆንም። የካቲት መጀመሪያ ላይ ዙህር የሚገባው ወደ 6:37፣ ዐስር ደግሞ ወደ 9:58 ነው። የ9:35ቱ ሻይ ያኔ መልሶ ከአዛን በፊት ይወድቃል።

ከዚያ በላይ ጾሞቹ አሉ። ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ይገባል። ረመዳን ደግሞ ጨረቃ ከታየች የካቲት 11 ወይም 12። ሁለቱ አንድ ሳምንት ውስጥ ናቸው። ሁለት ቅዳሜ አቀረብኩላቸው። የካቲት 7 ሙሉ ቀን ይሆናል፣ ግን ቅበላ ስለሆነ ፍስክ ነው፣ ሁለት ወጥ ቤት ይፈልጋል፣ ሰውም ቤቱ ይፈለጋል። የካቲት 14 ግማሽ ቀን ይሆናል፣ ከ3:00 እስከ 6:20፣ ምሳ የለም፣ ሻይ የለም፣ መሐል ላይ 10 ደቂቃ መንቀሳቀሻ ብቻ፣ ለዙህርም ሁሉም በጊዜው ወደ መስጊዱ ይደርሳል።

የካቲት 14ን መረጡ። ምሳ ስለሌለ መጠባበቂያው አንድ ብቻ ነው፣ ከ6:00 እስከ 6:20። እዚያ ውስጥ ምን ይግባ የሚለውን ነው አሁን የምንነጋገረው፤ እኔ ድንኳኑ የት ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ እዚያ እንዳይገባ እየተከራከርኩ ነው፣ ምክንያቱም እሱ ሊዘለል የሚችል ጉዳይ አይደለም።